ጥጡ ቀይ ነበር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም ደወለችልኝ። «ዶክተር፣ ጥርሱ ቶሎ ቶሎ ለሚበሰብስ ሰው የመንጋጋ ጥርሱን በምን ልሙላው?» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት አንድ ሾፌር ትዝ አለኝ።

አዳማ ነበርኩ። ሰውዬው የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ሌሊቱን የሚገፋው በጫትና በለስላሳ ነው። አፉ ደርቋል፣ ስድስት ጥርሱ ተቦርቡሯል። የአንዱ የታች መንጋጋ ጥርሱ ቀዳዳ በጎን ወርዶ ድድ ሥር ገብቷል። ድዱ በነካሁት ቁጥር ይደማል።

«ነጩን ሙሌት አድርግልኝ» አለኝ። እኔም ነጩን ነበር የምወደው። አማልጋም፣ ያ ሜርኩሪ ያለበት ብርማ ሙሌት፣ ያረጀ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጥርሱን ከምራቅ የሚለየው የላስቲክ ሽፋን፣ ራበር ዳም፣ አልነበረንም። ጥጥ ጠቅጥቄ፣ ሙሌቱን ቅርጽ የሚያስይዘውን ቀጭን ጥብጣብ፣ ማትሪክሱን፣ አስሬ ጀመርኩ። መሀል ላይ ጥጡን ሳነሳው ቀይ ነበር። አየሁት። ቀጠልኩ።

ሙሌቱ ሲያልቅ ቆንጆ ሆነ። ዛሬ ቢሆን እናንተ ወጣት ሐኪሞች ቴሌግራም ላይ ትለጥፉት ነበር፤ ለፎቶ ስትሞሉ አያለሁ፣ ፎቶው ደግሞ የድዱን ጠርዝ አያሳይም። ከዓመት በኋላ ሰውዬው ተመለሰ። ከላይ እንደ አዲስ ነው። ድዱ አጠገብ ግን መመርመሪያዬ ሰመጠ። ኤክስሬዩ ላይ ጥቁሩ ጥላ ነርቩ ድረስ ደርሷል። ጥርሱ ተነቀለ።

ነጩ ሙሌት፣ ኮምፖዚት፣ በደንብ የሚይዘው ደረቅ ኢናሜል ላይ ነው፤ ኢናሜል የጥርስ ጠንካራ የውጭ ሽፋን ነው። ድድ ሥር ኢናሜሉ ያልቃል። እዚያ ደም ከነካው አይጣበቅም። በመብራት ሲጠነክር ደግሞ ይኮማተራል፣ ከደካማው ጠርዝ ይላቀቃል። ስኳርና ባክቴሪያ በዚያች ክፍተት ይገባሉ።

ዛሬ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ምንም አልጨርስም። ለስላሳውን ብስባሽ አውጥቼ ስድስቱንም ግላስ አዮኖመር በሚባለው ሙሌት እዘጋ ነበር። እሱ ጥርሱን በኬሚካል ይይዛል፣ ትንሽ እርጥበት ይችላል፣ ፍሎራይድም ይለቃል። ግን በትልቅ የጎን ቀዳዳ ላይ ማኘክ ይሰብረዋል። ስለዚህ ድዱ ሲድን፣ ማድረቅ ከቻልኩ፣ ግላስ አዮኖመሩን ከታች ትቼ ኮምፖዚት ከላይ እደርባለሁ። ማድረቅ ካልቻልኩ አማልጋም። ጠርዙ ላይ ያለውን ክፍተት ዝገቱ ራሱ ቀስ በቀስ ይሞላዋል። እርግጥ እንዲይዝ ጤነኛ ጥርስ መቁረጥ አለ፣ ውፍረቱም ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ እላለሁ እንጂ መሳቢያዬ ውስጥ አማልጋም የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪውን እየቀነሰው ነው፣ ለእርጉዝና ለሕፃንም አማልጋም አልሞላም። ሲጠፋ ግን ይናፍቀኛል።

እና ልጅቷን «ጥጡን ስታነሺው ምን ይመስላል?» አልኳት።

ዝም አለች። «ትንሽ ይደማል።»

«እንግዲያው ነጩን ዛሬ አትንኪው።»