ከካልኩሌተሩ በፊት፦ የቀበሌን የማዳበሪያ ፍላጎት ስለማጣራት

ጥያቄ፦ «ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ ወረዳ ተመድቤ ከቀበሌዎች የሚመጣውን የማዳበሪያ ፍላጎት አጣራለሁ። እያንዳንዱን መስመር በካልኩሌተር እደግማለሁ። የቡድን መሪዬ ግን ‹መጀመሪያ በግምት እየው› ይሉኛል። ትክክለኛውን ማስላት እየተቻለ ግምት ለምን ይቀድማል?»

አብሽር ወንድሜ፣ የቡድን መሪህ የነገሩህ ትክክል ነው። እኔም ይህንኑ ሰነድ ለዓመታት ሳጣራ ስለኖርኩ ምክንያቱን በራስህ ሥራ ላሳይህ።

ካልኩሌተር የሚነግርህ ሰነዱ ከራሱ ጋር መስማማቱን ብቻ ነው። ሄክታሩ ተባዝቶ ኩንታሉን ይሰጣል፣ የጎጦቹ ድምር ከቀበሌው ድምር ጋር ይገጥማል፣ አበቃ። መሬት ላይ ካለው እውነት ጋር መስማማቱን ግን ከሰነዱ ውስጥ አታገኘውም። ዛሬ ድምሩን የሚሠራው ኮምፒውተር ስለሆነ የመደመር ስህተት ብርቅ ነው። ትልቁ ስህተት የሚገባው ከዚያ በፊት፣ ቁጥሩ ከገበሬው አፍ ወደ መዝገብ ሲተላለፍ ነው።

አንድ ደጋ ቀበሌ ያቀረበውን ሰነድ ልንገርህ፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። 900 አባወራና እማወራ፣ በመኸር የሚታረስ መሬት 2,640 ሄክታር፣ የሚፈለግ ማዳበሪያ 5,280 ኩንታል። ለሄክታር አንድ ኩንታል ኤን.ፒ.ኤስ. እና አንድ ኩንታል ዩሪያ ተይዞ የተሠራ ነው። 2,640 በሁለት ሲባዛ 5,280 ይመጣል። መስመር በመስመር ብትደግመው አንድም ስህተት አታገኝም።

አሁን ድምሩን በእጅህ ሸፍነው። የምታየው የቤተሰቡን ቁጥር ብቻ ይሁን። በዚያ ደጋ አንድ ቤተሰብ የሚያርሰው ከግማሽ ሄክታር እስከ አንድ ሄክታር እንደሆነ አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ ይነግርሃል። ስለዚህ ለ900 ቤተሰብ ከ450 እስከ 900 ሄክታር ይጠበቃል። ይህን በወረቀት ላይ ጻፈውና እጅህን አንሳ። 2,640 ሄክታር ማለት ለአንድ ቤተሰብ ሦስት ሄክታር ገደማ ነው። ማዳበሪያውንም ለየብቻ መዝነው፦ ለአንድ ቤተሰብ ስድስት ኩንታል ሊደርስ ምንም አልቀረውም። በተሳቢ መኪና፣ በአንዱ 400 ኩንታል ብትጭን፣ ለአንድ ቀበሌ ብቻ ከ13 መኪና በላይ ይጠይቅሃል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ሁለት ደቂቃ በቂ ነው።

ድምሩን ሸፍን ያልኩህ በምክንያት ነው። የተጻፈውን ቁጥር አስቀድመህ ካየህ ግምትህ ሳታውቀው ወደ እሱ ይሳባል፤ «ምናልባት ሰፊ መሬት ይኖራቸው ይሆናል» እያልክ ለሰነዱ ጠበቃ ትሆናለህ። መስመሩን ሁሉ አስልተህ ትክክል ነው ካልክ በኋላማ መጠራጠር ይበልጥ ይከብዳል። ግምት የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ግምቱ ስህተት መኖሩን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ይጠቁማል። የሰነዱን ቁጥር ለግምትህ አካፍለው። እዚህ የግምታችን መካከል 700 ሄክታር ያህል ስለሆነ ውጤቱ አራት ገደማ ይመጣል። አራት በእኛ አገር የታወቀ ቁጥር ነው፤ አንድ ሄክታር በግምት አራት ጥማድ ነው። ገበሬው መሬቱን የሚናገረው በጥማድ፣ ቅጹ የሚጠይቀው በሄክታር። ለአራት ሲካፈል መሬቱ 660 ሄክታር፣ ማዳበሪያው 1,320 ኩንታል፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ኩንታል ተኩል ገደማ ይሆናል። ውጤቱ አሥር ገደማ ቢሆን ትርፍ ዜሮ፣ መቶ ገደማ ቢሆን ኪሎና ኩንታል ተምታተዋል ብለህ ጠርጥር። ሁለት ገደማ ሲሆን ግን ተጠንቀቅ። ወሎ ውስጥ በልግና መኸር የሚዘራባቸው ደጋዎች ስላሉ አንዱ ማሳ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ይሆናል። ይህ ደግሞ ሰነዱ የሁለቱን ወቅት ፍላጎት ባንድነት የያዘ ከሆነ ስህተት ላይሆን ይችላል።

የግምት ወሰንም ቦታ ይለያል። የደጋውን ይዞታ ወስደህ ቆላማው ቆቦ ላይ ብትጭነው ትክክለኛውን ሰነድ በከንቱ ትመልሳለህ። ደግሞም ግምት ከመቶ አምስትና አሥር የሚሆን ልዩነት አይታየውም፤ 1,320 መሆን ያለበት 1,230 ተብሎ ቢጻፍ ሳያስቆመው ያልፋል። ያን የሚይዘው ያንተ ካልኩሌተር ነው። ቁጥሩ ከወሰኑ ውስጥ ሲወድቅ ያኔ መስመር በመስመር ውረድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥማድ መሆኑ ቢገለጥልህም ሰነዱን ራስህ ለአራት አካፍለህ አታስተካክል። አንዳንዱ ጎጥ በጥማድ፣ አንዳንዱ በሄክታር መዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሁሉንም ብታካፍል በትክክል የመዘገበው ጎጥ ከሚገባው ሩቡን ብቻ ያገኛል። የእያንዳንዱን ጎጥ መሬት ለቤተሰቡ ቁጥር አካፍልና ከሦስት ሄክታር አጠገብ የሚመጡትን ለይ። ከዚያ ለልማት ሠራተኛው ደውለህ እነዚያ ጎጦች በምን እንደተለኩ ጠይቀው፤ የተስተካከለውንም በፊርማ እንዲልክልህ አድርግ።