አለብዎት ውስጥ ያለችው ብ

ጥያቄ፦ «በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ለሌላ ክፍል ኃላፊ የጻፍኩት ኢሜይል ይኸው፦ ‹የየካቲት ወር ሪፖርት እስካሁን አልላኩልንም። ቀደም ሲል ነግሬዎት ነበር። ሥራችን እየተጓተተብን ነው። ሪፖርቱን እስከ ዓርብ መላክ አለብዎት። እባክዎን በአስቸኳይ ይላኩ።› አንቱ ብያቸዋለሁ፣ እባክዎንም ብያለሁ፤ እሳቸው ግን ‹ታዢኛለሽ እንዴ?› አሉኝ። ሁሉንም እንደገና ልጻፈው ወይስ የሚለወጥ ቃል አለ?»

መልስ፦ እንደገና አይጻፉት። መልእክቱ አጭር ነው፣ ቅደም ተከተሉም ደህና ነው። ያስቀየማቸው ከግሦቹ ጋር የተጣበቁት ፊደላት ናቸው፤ ከሁሉም በላይ አለብዎት ውስጥ ያለችው ብ።

አለብዎት ሲፈታ አለ፣ ብ እና ዎት ነው። ብ መስተዋድዱ በ ነው፤ ከግሥ በኋላ ከዝርዝር ጋር፣ ማለትም እንደ ኝ፣ ን፣ ዎት ካለ ማንን እንደሚመለከት ከሚያሳይ ቅጥያ ጋር ሲመጣ ግን ቦታ ከማመልከት አልፎ ሸክምና ጉዳት ያመለክታል። ዕዳ አለብኝ፣ ገንዘብ ጠፋብኝ፣ ሐዘን ደረሰብን እንላለን። የእሷ ተቃራኒ ከለ የመጣችው ል ናት፤ ጥቅምና ውለታ የምትሸከመው እሷ ናት። ዝናብ የጠበቀ ገበሬ ዘነበልን ይላል፤ እህሉን አውድማ ላይ ዘርግቶ የነበረው ደግሞ ዘነበብን ይላል። ዝናቡ አንድ ነው፣ ግሡም አንድ ነው፤ ደስታውንና ሐዘኑን የለየው አንድ ፊደል ነው። እንግዲህ መላክ አለብዎት ሲሉ የቃሉ አሠራር በሰውየው ላይ ዕዳ ይጭናል። አንቱታው ይህን አያቀልለውም፤ እርስዎ የሚለው ቃል ራሱ ርእስ ከሚለው ግእዝ የመጣ፣ ራስን የሚያመለክት ቃል ነው፣ ዎትም የሚናገረው ሸክሙ የሚያርፈው በተከበረ ሰው ላይ መሆኑን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች አለብዎትን ትተው ይኖርብዎታል ወይም ይጠበቅብዎታል ይላሉ። ቃሉ ስለረዘመ የለሰለሰ ይመስላል፤ ብ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሸክሙን ከሰውየው ላይ አንሥቶ በሪፖርቱ ላይ መጣል ይሻላል፦ መላክ አለበት። ይህ ሲደረግ ግን ሪፖርቱን ከሚለው ቃል መጨረሻ ን መውደቅ አለባት፤ ይህችን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። ምክንያቱም መላክ በጽሕፈት አንድ ሆኖ ንባቡ ሁለት ነው፤ ል ላልታ ስትነበብ አንድ ሰው ሌላ ነገር ይልካል ማለት ነው፣ ጠብቃ ስትነበብ ነገሩ ራሱ ይላካል ማለት ነው። ፊደላችን ማጥበቅን ስለማያሳይ አንባቢው ንባቡን የሚያውቀው በተሳቢው ን ነው። ሪፖርቱን መላክ አለበት ብለው ከተዉት፣ «ማነው የሚልከው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይመጣብዎታል። ሪፖርቱ እስከ ዓርብ መላክ አለበት ካሉ ል ራሷ ትጠብቃለች፣ ሰውየውም ከክሱ ይወጣሉ።

ያች ብ እየተጓተተብን ውስጥም ገብታለች። ሥራችን እየተጓተተ ነው ማለት ወሬ ነው፤ እየተጓተተብን ሲሆን ጉዳት ደርሶብናል የሚል አቤቱታ ይሆናል፣ ከፊቱ ያለው ዓረፍተ ነገርም ጎጂው ማን እንደሆነ ስለጠቆመ ክሱ ተሟላ። ብን የሚለው ይውጣ፣ ሌላው እንዳለ ይቆይ። ሁሉም ብ ግን አይፈራም። ፊርማዎን ያኑሩበት፣ ቀን ይጻፉበት ሲባል ወረቀቱ ቦታ ብቻ ስለሆነ ማንንም አይነካም። መለያው ከብ በኋላ የመጣው ዝርዝር ወደ ሰው መሄዱና ወደ ነገር መሄዱ ነው።

ብ ክፉ፣ ል ደግ ከሆነች አልላኩልንም ለምን ያስቀይማል? ል ውለታ ስለምታመለክት፣ አፍራሹ አል ሲገባባት ውለታ ነፈጉን ማለት ትሆናለች። አልላኩም ከማለት አልላኩልንም ማለት ይብሳል። ስለዚህ ል በአዎንታ ብቻ ነው የምትለምነው። እዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ባለቤቱን ከሰው ወደ ነገር የሚያዞር ግሥ ነው፦ አልደረሰንም። ይህ ከእውነትም አይርቅም፤ እርስዎ የሚያውቁት አለመድረሱን ነው እንጂ አለመላኩን አይደለም። ኢሜይሉ ሌላ ሣጥን ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ነግሬዎት ነበርን በጽፌልዎ ነበር ይለውጡት። ነገረ የሚለው ግሥ ነገር ከሚለው ስም ጋር አንድ ነው፤ ነገር ደግሞ በአማርኛ ጠብም ክርክርም ይሆናል፤ ነገረኛ የምንለውን ሰው ያስቡ። ነግሬዎት ነበር የሚለው ተግሣጽ የሚሰጥ ሰው አነጋገር ነው። ጽፌልዎ ግን ያደረጉትን ብቻ ይመሰክራል፣ ልም በአዎንታ ስለገባች ለእሳቸው ብለው እንደደከሙ ትነግራቸዋለች። እኮ የምትለውን ከጎኑ አያምጧት፤ በአፍ ስትነገር በፈገግታ ትለሳለሳለች፣ በጽሕፈት ግን ፈገግታ የላትም።

በአስቸኳይ ከቸኰለ የወጣ ነው፤ አስቸኰለ ይሆንና የአድራጊ ስሙ አስቸኳይ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ለ ወደ ይ መለወጧ ከፈለ ከፋይ፣ ገደለ ገዳይ እንደሚሆነው ነው፤ ኳ የመጣችው ደግሞ ሥሩ በጥንቱ አጻጻፍ ኰ ስለነበረ ነው። ትርጉሙ የሚያጣድፍ ማለት ነውና በአስቸኳይ ይላኩ ሲሉ የሚያጣድፍ አንዳች ኃይል ከኋላቸው አቁመዋል። አንባቢውም ቃሉን የለመደው ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ከአስቸኳይ ስብሰባ ነው። ቀን ከቆረጡ በቶሎ ይበቃል። የዚህ ጓደኛ የሆነውን እናሳስባለንንም በዚሁ ያስታውሱ። ሥሩ ሐሰበ፣ ከሒሳብ ጋር አንድ ነው፤ አሳሰበ ማለት ሌላውን እንዲያስብ፣ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። ማሳሰቢያ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ግን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይዟል። በእሱ ቦታ እንጠይቃለን ቢገባ ሌላ ምንም መንካት አያስፈልግም።

አሁን ይላኩ ቀረ። አንቱታው ትክክል ነው፤ ል ግን የለችበትም። ይላኩ ትእዛዝ ሆኖ ይቆማል፣ ይላኩልን ልመና ይሆናል። እባክዎን ያልሠራውን ሥራ የምትሠራው ይህች ል ናት። እባክዎን በቁጣም ይባላል፣ «እባክዎን ይተዉኝ» የሚል ሰው እየለመነ አይደለም፤ ስለዚህ አንባቢው የሚፈርደው በግሡ ነው። (የእባክዎን መጨረሻ ን ለእኔ ትርፍ ናት፣ ዎ ብቻዋን ዝርዝር ሆና ሳለ ምን ልትጨምር ትመጣለች? ነገር ግን ሕዝቡ ከነ ን ለምዶታል፣ በዚህ ማንንም አላርምም።)

ከዚህ ተነሥቶ በየግሡ ል መሰካት ግን ሌላ ጥፋት ያመጣል። ያሳውቁኝ ማለት ለእኔ ይንገሩኝ ነው፤ ያሳውቁልኝ ካሉ ለሌላ ሰው በእኔ ፈንታ ይናገሩ ማለት ይሆናል። ይጠብቁኝና ይጠብቁልኝም እንዲሁ ናቸው፤ በመጀመሪያው የሚጠበቁት እርስዎ ነዎት፣ በሁለተኛው ዕቃዎ ነው። መለኪያው ይህ ነው፦ ግሡ የሚያርፈው በዕቃ ላይ ከሆነ፣ እንደ ላከ፣ ፈረመ፣ አስተካከለ፣ ል ይግባ፤ ግሡ የሚያርፈው በእርስዎ ላይ ከሆነ ል ትቅር።

በተገብሮ መጻፍ ሁልጊዜ ትሕትና ነው የሚሉ አሉ፤ ይላኩልን ከማለት ይላክልን ማለት ይሻላል ይላሉ፣ ለዚህም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤን ይጠቅሳሉ። አልቀበለውም። እንዲላክልን እንጠይቃለን የሚለው ተቋም ለተቋም ሲጽፍ ነው፤ ያኔ ላኪው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ተገብሮው ተገቢ ነው። ስሙን ጠርተው ሰላም ላሉት ሰው ይላክልን ማለት ግን ፊትን ከሰው አዙሮ ማዘዝ ነው። ተገብሮ የሚጠቅመው ጥፋት ሲነገር ነው፤ ፋይሉን ረስተዋል ከማለት ፋይሉ ተረስቷል ማለት ያድናል። ልመና ሲሆን ግን ሰውየው በግሡ ውስጥ ይታዩ፣ መልካሙን የሚሠሩት እሳቸው ናቸውና።

ቢልኩልኝስ? እንደ ሰዋስው ይህ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ቢ ሁኔታን ታቆማለች፣ ደስ ይለኛል የሚል ማሰሪያ አንቀጽ ካልተከተላት ሐሳቡ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ እንደዚህ ጽፌ አራት ነጥብ ማስቀመጥ አይሆንልኝም። ሆኖም ዛሬ በቢሮ ኢሜይል «ሪፖርቱን ቢልኩልኝ።» ተብሎ ሲያልቅ ያልተሟላ ነው ብሎ የሚደናገር አንባቢ የለም፤ ማሰሪያው ሳይጻፍ ይሰማል፣ ቃሉም ከይላኩልን ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ይወሰዳል። አጠቃቀሙ ቀድሞናል። እርስዎ ከፈለጉ ይጻፉት፣ ከአራት ነጥቡ በፊት ደስ ይለኛልን ቢጨምሩበት ግን እኔ እመርጣለሁ።

ኢሜይሉ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «የየካቲት ወር ሪፖርት እስካሁን አልደረሰንም። ቀደም ሲል ጽፌልዎ ነበር። ሥራችን እየተጓተተ ነው። ሪፖርቱ እስከ ዓርብ መላክ አለበት። እባክዎን በቶሎ ይላኩልን።» ከ20 ቃላት የተነኩት 7 ናቸው፤ ከነዚህ 4ቱ አንድ ሁለት ፊደል ብቻ የወጣባቸው ወይም የገባባቸው ናቸው። ዓርብም፣ የካቲትም፣ መጓተቱም አልተደበቁም።

የኢሜይሉን ርዕስ አልላኩልኝም፤ «ያልተላከ ሪፖርት» ብለውት ከሆነ እሱም ይታረም። ተገብሮ ቢሆንም ያል የምትለው አፍራሽ ሰላምታውን ቀድማ ትነበባለች፤ «የየካቲት ሪፖርት» ይበቃዋል።