ከቨርጂኒያ የመጣ ውክልና፦ ከመፈረሙ በፊት የትኛው መስመር ይነበብ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ። ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነበር፤ ካረፈ ዓመት አለፈው። ሚስትም ልጅም የለውም፤ አባታችንም በሕይወት የለም። የአክስታችን ልጅ ቤቱን ልሽጥላችሁ ብሎ እዛ ጠበቃ ያዘጋጀውን ውክልና ላከ። የምትፈርመው ደብረ ሲና ያለችው እናቴ ናት። እንግሊዝኛው ከአማርኛ ትርጉም ጋር ነው፤ ፎቶውን ለጥፌአለሁ። ምን ያህል ሥልጣን እየሰጠች ነው? ገደቡስ? እስከ መቼ ነው የሚሠራው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ለእናትህም መጽናናቱን ይስጣቸው።

እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ሰነድ በመተርጎምና በማርቀቅ ነው የምተዳደረው። ውጭ አገር የተረቀቀ ውክልና ብዙ ጊዜ በእጄ ያልፋል። ያንተንም አየሁት። ያነበብኩት ግን ከእንግሊዝኛው ጀምሬ ነው። እናትህ የሚፈርሙት እሱን ነው፤ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ላይ ያለውን የወንድምህን ቤት የሚያሸጠውም እሱ ነው። አማርኛው ለናንተ መረጃ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣልኝ ንባቤን ከመጨረሻው ገጽ እጀምራለሁ። «ይህ ውክልና የሚተረጎመው በእገሌ ሕግ ነው» የሚል መስመር እፈልጋለሁ። ያንተ ላይ ቁጥር 8 ነው፤ የቨርጂኒያ ሕግ ይላል። ይህ መስመር ባይኖር ኖሮ በቨርጂኒያ ሕግ መሠረት ትርጉሙ የሚወሰነው ወረቀቱ በተፈረመበት ቦታ ሕግ ነበር፤ ማለትም በኛ። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም።

በኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰፊ የሚመስል ውክልና ጠባብ ነው። አንቀጽ 2203ንና 2204ን እይ። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ኪራይ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ እንዲህ ያለውን ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ሥራው ተለይቶ መጻፍ አለበት። ለዚህ ነው እዚህ አገር ውክልና ሲጻፍ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲከራከር» እየተባለ ረጅም ዝርዝር የሚደረደረው። ያልተጻፈ ሥልጣን አልተሰጠም ብለን ነው የለመድነው።

ቨርጂኒያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ግዛቲቱ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የተቀበሉትን ወጥ የውክልና ሕግ ነው የምትከተለው። እዛ «እኔ ላደርገው የምችለውን ሁሉ ያድርግልኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቤት መሸጥንም፣ ማስያዝንም፣ የባንክ ሒሳብ ማንቀሳቀስንም ሊይዝ ይችላል። ጥቂት ነገሮች ብቻ ናቸው ለብቻቸው ተለይተው መጻፍ ያለባቸው። እኛ እንደ ማሳረጊያ የምናነበው መስመር እዛ ትልቁ ሥልጣን ነው። የመንዝ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ተመሳሳይ ወረቀት አምጥተውልኝ «ይሄ ኪራይ ለመሰብሰብ ነው» ብለው ሲከራከሩኝ ነበር። ኪራይ የሚለው ቃል እውነትም ነበረበት። ከሱ በታች ያለው «ሌላውንም ማንኛውንም ነገር» የሚለው ግን ኪራዩን ዋጠው።

አሁን ወደ ቁጥር 2 እንምጣ፤ የሥልጣኑ እምብርት እሱ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ስለ ማናቸውም የማይንቀሳቀስ ንብረቴ፣ የትም ቦታ ቢገኝ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ያለውን ቤት ጨምሮ ነገር ግን በዚያ ሳይወሰን፣ ይሽጥ፣ ያከራይ፣ በመያዣ ያስይዝ፣ ገንዘቡን ይቀበል፣ እኔ ላደርገው የምችለውን ሁሉ ያድርግ።» እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለያይተህ አንብብ። አንደኛው በምን ላይ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ምን ያደርጋል የሚለው።

በምን ላይ? የፌርፋክሱ ቤት ምሳሌ ሆኖ ነው የገባው። «በዚያ ሳይወሰን» የሚለው ሐረግ አጥሩን አፍርሶታል። በጽሑፉ ብቻ ከሄድን ደብረ ሲና ያለው የእናትህ ቤትም ውስጥ ገብቷል። እዚህ አገር በዚህ ወረቀት ለመሥራት የራሱ ማረጋገጫ ቢያስፈልግም፣ ቨርጂኒያ ላለ ቤት ብለው ለምን እሱንም ይፈርማሉ?

ምን ያደርጋል? ግሶቹን በእርሳስ አስምርባቸው። መሸጥ ያስፈልጋል፤ የመጣው ለሱ ነው። ማከራየት ምናልባት እስኪሸጥ ድረስ። ማስያዝ ግን ለምን? የሚሸጥ ቤት ላይ ብድር የሚወሰድበት ምክንያት አይታየኝም። ጠበቃው ክፉ አስቦ ነው አልልም። አብዛኛው ከተዘጋጀ ቅጽ ተገልብጦ ይመጣል፤ ቅጹ ደግሞ ሁሉንም ይዞ ነው የሚመጣው። «ገንዘቡን ይቀበል» የሚለውም በደንብ ይታይ። መቀበል እንጂ መላክ አልተባለም። በዛው ሕግ የተቀበለ ተወካይ ገንዘቡን ይዞ የማቆየትና ለወካዩ ጉዳይ የማዋል ሥልጣንም አለው። መቼ፣ በማን ሒሳብ ለእናትህ እንደሚገባ ወረቀቱ ዝም ብሏል።

ገደቡን ጠይቀሃል። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ ወረቀት ላይ የተጻፈ ገደብ የለም ማለት ይቻላል። ዝቅተኛ ዋጋ የለም። ተወካዩ ቤቱን ለራሱ ወይም ለሚስቱ እንዳይገዛ የሚል የለም። ሒሳብ ያቅርብ የሚል የለም፤ በነባሪው ሕግ ደግሞ ሒሳብ የሚያቀርበው ወካዩ ሲጠይቅ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው። ቁጥር 1 ላይ የተወከሉት የአክስትህ ልጅ «እና/ወይም» ሚስቱ ናቸው። በቨርጂኒያ ሕግ ሌላ ካልተጻፈ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን መፈረም ይችላሉ። እናትህ የሚያውቁት እሱን ከሆነ፣ ሥልጣኑን ለማያውቁት ሰውም ሰጥተዋል ማለት ነው።

ቁጥር 6 ደግሞ ተወካዩን ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣል፤ «ራሱ በሚጠቀምበት ጉዳይ ቢሆንም» ይላል። ይህን ያህል ክፍት አድርጎ መፈረም አያስፈልግም። እርግጥ ሕጉ ማጭበርበርንና ክፉ ልቦናን በእንዲህ ያለ አንቀጽ አይሸፍንም። ግን ያንን ፌርፋክስ ሄዶ ማስረዳት የናንተ ዕዳ ይሆናል።

ጊዜውን ሳይ ቁጥር 7 ላይ ትንሽ ቆየሁ። እንግሊዝኛው ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2026፣ ወይም በጽሑፍ እስኪሻር ድረስ፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከመጣው ይላል። አማርኛው ግን «እስከ ታህሳስ 31 ቀን 2026» ብሎታል። የኛ ታህሳስ 30 ቀን ነው፤ 31 የሚባል ቀን የለውም። ቁጥሩ ሳይቀየር የወሩ ስም ብቻ እንደተቀየረ የምታውቀው በዚህ ነው። ትክክለኛው ታህሳስ 22 ቀን 2019 ነው። እናትህ አማርኛውን ብቻ ቢሰሙ፣ በኛ 2026 ሲደርስ የሚያበቃ ይመስላቸዋል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ስህተት። እዛው አንቀጽ ላይ ሁለቱም ዘመን ይጻፍ፤ «እኤአ» እና «ዓ.ም» ተለይተው።

ያው ቁጥር 7 ውስጥ «ዱረብል» የሚል ቃል አለ፤ አማርኛው «ዘላቂ» ብሎ አልፎታል። ዘላለም ይሠራል ማለት አይደለም። ወካዩ በሕመም ራሳቸውን ማስተዳደር ቢያቅታቸውም ውክልናው አይቋረጥም ማለት ነው። በኛ ሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ የወካዩ ችሎታ ማጣት ውክልናውን ያቆመዋል። በቨርጂኒያ ግን ወረቀቱ «ይቋረጣል» ካላለ ይቀጥላል፤ ቃሉን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። እናትህ በዕድሜ የገፉ ከሆነ ምርጫው የናንተ ነው። ሽያጩ መሃል ላይ እንዳይቆም ከፈለጋችሁ ይቆይ። የወካዩ ሞት ግን በቨርጂኒያ ሕግ ያበቃዋል፤ ቀኑ ባይደርስም። በኛም ሌላ ስምምነት ከሌለ እንዲሁ ነው።

መሻር እንደሚቻል ተጽፏል፤ ጥሩ ነው። ግን ደብረ ሲና ላይ ተፈርሞ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ መሻሪያ እዛ ማንንም አያስቆምም። ተወካዩ ሳያውቅ የፈረመው በእናትህ ላይ ይጸናል። ስለዚህ መሻሪያው ለተወካዩ፣ ሽያጩን ለሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒና ለጠበቃው መድረስ አለበት። ውክልናው ከቤቱ ሰነድ ጋር ካውንቲው መዝገብ ላይ ገብቶ ከሆነ መሻሪያውም እዛው ይገባል።

እኔ ብሆን ለጠበቃው በኢሜይል ቁጥር 2ን ብቻ እንዲህ አድርጎ ይላክልን እለው ነበር፦ «በዚህ አድራሻ የሚገኘውን አንድ ቤት ብቻ፣ ከዚህን ያህል ዶላር ባላነሰ ዋጋ፣ ለራሱም ሆነ ለቤተሰቡ ላልሆነ ሰው እንዲሸጥ፣ የማስተላለፊያ ሰነዱን እንዲፈርም፤ የተጣራው ገንዘብ በቀጥታ በእኔ ስም ወዳለው ሒሳብ እንዲገባ። ከዚህ ውጭ ሥልጣን የለውም። ሽያጩ ሲያልቅ ውክልናው ያበቃል።» ዋጋውን ከመጻፋችሁ በፊት የቤቱን ግምት ከሌላ ሰው ጠይቁ። በጣም ከፍ ካደረጋችሁት ገዢ ሲጠፋ አዲስ ወረቀት መፈረም ሊመጣ ነው። ጠበቃው የተስተካከለውን ለታይትል ካምፓኒው አስቀድሞ ያሳይ፤ አንቀበልም የሚሉት መስመር ካለ ሳይፈረም ይታወቃል።

ይህ ወረቀት እናትህን ወራሽ አያደርግም፤ ያ በሌላ ማስረጃ ነው የሚረጋገጠው። የሚያረጋግጠው ባለሥልጣን ማኅተም ደግሞ የፈረሙት እሳቸው መሆናቸውን እንጂ ይዘቱ መልካም መሆኑን አይናገርም። አዲስ አበባ አሜሪካ ኤምባሲ የምትፈራረሙ ከሆነ ክፍያው በማኅተም 50 ዶላር ነው፤ እናትህ የሚፈርሙትን ማወቃቸውን ሊጠይቋቸው ይችላሉ። አማርኛው ሲስተካከል አንድ ጊዜ ጮክ ብለህ አንብብላቸው።

የገጽ 3 ፎቶ ደብዝዞብኛል። ከጎኑ ትናንሽ ሳጥኖች ያሉበት ይመስላል። እነዚህ የስም ምልክት የሚደረግባቸው ከሆኑ፣ ምልክት የተደረገበት ርዕስ ሁሉ ተጨማሪ ሥልጣን ነው፤ ባንክ፣ ጡረታ፣ ታክስ ሊሆን ይችላል። ድጋሚ በብርሃን አንስተህ ለጥፈው፤ እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይሞላበት።