ሥራ አስኪያጅ ከፍተው የሚመልሱት የኢሜይል ርዕስ

«ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ግዢ ክፍል ነው የምሠራው። ሥራ አስኪያጃችን ግማሹን ሳምንት አዲስ አበባ ናቸው። ኢሜይል ስልክላቸው ወይ አይከፍቱትም፣ ወይ ከፍተው ዝም ይላሉ። ርዕሱ ላይ ምን ብዬ ብጽፍ ይሻላል?»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን የሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት የሳቸውን ኢሜይል ቀድሜ የማየው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ በተቀባዩ በኩል ያየሁትን ልንገርሽ።

ብዙዎቻችን ኢሜይል የምንጽፈው እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። «ጉዳዩ፦ የመለዋወጫ ግዢ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ» እንላለን። ወረቀት ላይ ይሄ ችግር የለውም። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ተመርቶ ነው አለቃው ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው። ኢሜይልን ግን ማንም አይመራላቸውም። ከሌላው ሁሉ ጋር ስልካቸው ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። እሳቸው ደግሞ ምናልባት አዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ ናቸው።

ስልክ ላይ የሚታየው የርዕሱ መጀመሪያ ብቻ ነው። እንደ ስልኩ ስፋት ቢለያይም፣ ከ30 እስከ 40 ፊደል ቢሆን ነው። የቀረው ይቆረጣል። እኛ ደግሞ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የምንናገረው። «በቦይለር ክፍል ለተበላሸው የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ...» ይልና ይቆማል። «እንዲፈቀድልን» የሚለው አይታይም። ታዲያ ከእሳቸው የሚፈለግ ነገር መኖሩን በምን ይወቁ?

ስለዚህ የምትፈልጊውን በአንድ ቃል ፊት ላይ አውጪው። እኛ ቢሮ አራት ቃላት ነበሩን፦ ለማጽደቅ፣ ለፊርማ፣ ለውሳኔ፣ ለመረጃ። «ለማጽደቅ» ካልሽ አዎ ወይም አይሆንም ይላሉ። «ለውሳኔ» ካልሽ ካቀረብሽው አማራጭ አንዱን ይመርጣሉ። «ለመረጃ» ካልሽ መልስ አይጠበቅባቸውም። ይቺን የመጨረሻዋን አትናቂያት። ለመረጃ የሆነውን ለመረጃ ብለሽ ስትልኪ ነው፣ ለማጽደቅ ያልሽው ቶሎ የሚከፈተው።

ቀጥሎ ቀኑ፣ ከዚያ ዕቃው፣ ከዚያ ብሩ። የፓምፑ ርዕስ እንዲህ ይሆናል፦

ለማጽደቅ እስከ ሐሙስ፦ የቦይለር ፓምፕ፣ 186,000 ብር

ብዙ ስልክ ላይ ሙሉው ይታያል። ጫፉ ቢቆረጥ እንኳ የጠየቅሽው ነገርና ቀኑ ፊት ላይ ናቸው።

ሐሙስ የተባለው እንዲሁ አይደለም። ፕሮፎርማው የሚያበቃው ዓርብ ነው እንበል፤ ሲፒኦ ለማሠራት ደግሞ አንድ ቀን ያስፈልጋል። ይህንን የመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ አስቀምጪው፦ «ፕሮፎርማው ዓርብ ያበቃል። እስከ ሐሙስ ከጸደቀልን ዓርብ ጠዋት ሲፒኦ እናሠራለን። "ጸድቋል" ብለው ቢመልሱልን ይበቃል።» ከፍተው ዝም የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ምን ብለው እንደሚመልሱ ስላልታያቸው ነው። አንድ ቃል መልስ የሚበቃ ከሆነ መኪና ውስጥ ሆነውም ይመልሱልሻል።

«ነገ» ብለሽ አትጻፊ። እሮብ ልከሽ ሐሙስ ከከፈቱት፣ ነገ ዓርብ ሆነ ማለት ነው። የቀኑን ስም ጻፊ። ከሳምንት የሚርቅ ከሆነ ወሩንና ቀኑንም ጨምሪ። አለቃሽ የውጭ ዜጋ ከሆኑ ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር ይሁን። የእኛ 4 ሰዓት ጠዋት ለእነሱ 10 ሰዓት ነው፤ በዚህ ብቻ ስብሰባ ሲያመልጥ አይቻለሁ።

«አስቸኳይ» የሚለውን እኔ ባትነኪው እመርጣለሁ። ሁሉም ሰው ስለሚጽፈው አይን ለምዶታል። ማሽኑ ቆሞ ከሆነ ደውዪ፣ ከዚያ ኢሜይሉን ለማስረጃ ላኪው። አንድ ጥንቃቄም አለ። ርዕሱ ስልኩ ተቆልፎም ስክሪኑ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። የሠራተኛ ደመወዝ ወይም የዲሲፕሊን ጉዳይ ከሆነ ስምና ብር ርዕሱ ላይ አይግባ። «ለውሳኔ እስከ ሰኞ፦ የሠራተኛ ጉዳይ» ይበቃል።

አንድ ኢሜይል ላይ ሁለት ጥያቄ አታጣምሪ። ቀላሉን ይመልሱና ከባዱ ተረስቶ ይቀራል። በአሮጌ መልእክት ላይ Reply ብለሽ አዲስ ጉዳይ መጀመርም እንዲሁ ነው። ባለፈው ወር ስለ ብርድ ልብስ ናሙና በተጻጻፋችሁበት ርዕስ ስር የፓምፑን ጥያቄ ማን ያገኘዋል? አዲስ ክፈቺ።

ርዕሱ መሥራቱን በመልሳቸው ታውቂዋለሽ። «ጸድቋል» ወይም «አይሆንም» ካሉ ሠርቷል። «ምንድን ነው ይሄ?» ብለው ከደወሉ ፊት ላይ ያወጣሽው ቃል አልበቃም ማለት ነው። እሮብ ማታ ድረስ ዝም ካሉ፣ ያንኑ መልእክት ርዕሱን ብቻ ቀይረሽ ላኪው፦ «ለማጽደቅ እስከ ነገ ሐሙስ፦ የቦይለር ፓምፕ»። እዚህ ላይ የቀኑ ስም አብሮ ስላለ «ነገ» አያሳስትም። ሐሙስ ጠዋትም መልስ ከሌለ ለጸሐፊያቸው ደውዪና ርዕሱን አንብቢላት። እሷ ፈልጋ ታወጣላቸዋለች።