ከስጋት ነፃ ወለድ ሲገባ ታንጀንሲ ፖርትፎሊዮ እንዴት ይገኛል? ጥያቄና መልስ

ሄለን፦ በየመዋዠቁ ከፍተኛውን ትርፍ የሚሰጡትን ፖርትፎሊዮዎች በያዘው ኩርባ ላይ ያሉት ሁሉ ምርጥ ከተባሉ፣ ነፃው ወለድ ሲጨመር ለምን አንዱ ብቻ ይመረጣል?

ኩርባው ላይ ያለ ማንኛውም ፖርትፎሊዮ ከነፃው ወለድ ጋር ሲቀላቀል ውጤቱ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ነፃው ንብረት ስለማይዋዥቅ፣ የድብልቁ መዋዠቅ ፖርትፎሊዮው በያዘው ድርሻ ልክ ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከነፃው ወለድ ተነስቶ ኩርባውን ከሚያገኙት መስመሮች ተዳፋቱ ከሁሉም የሚበልጠውን መፈለግ ብቻ ይቀረናል። እሱ ኩርባውን ሳይቆርጥ ይነካዋል። የሚነካበት ነጥብ ታንጀንሲ ፖርትፎሊዮ ነው፤ ተዳፋቱን ደግሞ ሻርፕ ሬሾ እንለዋለን።

ብሩክ፦ በእጅ ሠርተህ አሳየን። ኮምፒውተሩ የሚያሳየኝ መልሱን ብቻ ነው።

አክሲዮን 12 በመቶ ይጠበቅበታል፣ መዋዠቁ 20 በመቶ ነው እንበል። ቦንድ 7 በመቶ፣ መዋዠቁ 10። ኮሪሌሽናቸው 0.2፣ ነፃው ወለድ 4 በመቶ። ከነፃው ወለድ በላይ አክሲዮን 8፣ ቦንድ 3 ይሰጣሉ ማለት ነው። ቫሪያንስ መዋዠቁ በራሱ ሲባዛ ነው፤ ኮቫሪያንሱ ደግሞ ኮሪሌሽኑ በሁለቱ መዋዠቅ ሲባዛ፣ 0.2×0.2×0.1 = 0.004 ነው። ይህን ከነፃው ወለድ በላይ ያለውን የእያንዳንዱን ትርፍ በሌላው ቫሪያንስ አባዛና የሌላውን ትርፍ በኮቫሪያንስ አባዝተህ ቀንስ፦

```
z1 = 0.01×0.08 − 0.004×0.03 = 0.00068
z2 = 0.04×0.03 − 0.004×0.08 = 0.00088
```

ሁለቱን ለድምራቸው ስታካፍል አክሲዮን 44፣ ቦንድ 56 በመቶ ይወጣል። የሚጠበቀው ትርፍ 9.2 በመቶ፣ መዋዠቁ 11.3፣ ሻርፕ ሬሾው 0.459 ነው። አክሲዮን ብቻውን 0.40 ነበር።

ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለግህ ከነፃው ወለድ በላይ ያለውን የእያንዳንዱን ትርፍ ከፖርትፎሊዮው ጋር ላለው ኮቫሪያንስ አካፍል። ለሁለቱም 4.06 ገደማ ይመጣል። እኩል ባይሆኑ ኖሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ጥቂት ማዛወር ሬሾውን ያሻሽለው ነበር፤ ነጥቡ ገና አልተገኘም ማለት ነው።

ዳዊት፦ እኔ የማውቀው ፈሪው ቦንድ የበዛበትን፣ ደፋሩ አክሲዮን የበዛበትን ይይዛል። ነፃው ወለድ ሲጨምርም ሰው ወደ ቦንድ ይሸሻል።

የመጀመሪያው ነፃ ንብረት በሌለበት ልክ ነው። ሲኖር ግን፣ ኢኮኖሚስቱ ጄምስ ቶቢን በ1958 እንዳሳየው፣ ሁለቱም ያንኑ 44/56 ይይዛሉ። መዋዠቁ ከ6 በመቶ እንዳያልፍ የሚፈልግ ሰው 53 በመቶውን እዚያ አድርጎ ቀሪውን በነፃው ወለድ ያስቀምጣል።

ሁለተኛው ላይ አልስማማም። ነፃው ወለድ 6 ሲሆን የቦንድ ትርፍ ከ3 ወደ 1 ይወርዳል፤ የአክሲዮን ግን ከ8 ወደ 6 ብቻ። አዲሱ ታንጀንሲ 78 በመቶ አክሲዮን ነው። ሰው ከጠቅላላ ገንዘቡ ብዙውን በነፃው ወለድ ያስቀምጥ ይሆናል፤ ስጋት ካለው ክፍል ውስጥ የሚቀንሰው ግን ቦንዱ ነው።

ወይዘሮ አልማዝ፦ 10 በመቶ የምከፍልበት ብድር አለብኝ። ነፃው ወለድ 10 ነው ብዬ በዚሁ ምሳሌ ባስገባ አክሲዮን −33፣ ቦንድ 133 በመቶ አለኝ። ልጄ፣ ይህ ምን ማለት ነው?

እትዬ አልማዝ፣ ስሌትዎ አልተሳሳተም፤ ቀመሩ ያገኘው ለተመሳሳይ መዋዠቅ ያነሰ ትርፍ የሚሰጠውን የኩርባውን የታችኛውን ክንፍ ነው። የዚያ ፖርትፎሊዮ የሚጠበቅ ትርፍ 5.3 በመቶ ነው፣ ከ10 በታች። ምልክቱም ይኸው ነው፤ ታንጀንሲው ከነፃው ወለድ ያነሰ ከሰጠ መልሱ አይያዝም። እዚህ ዝቅተኛው መዋዠቅ ያለው ፖርትፎሊዮ 7.7 በመቶ ይሰጣል። ነፃው ወለድ ከዚያ ከበለጠ ላይኛው ክንፍ ላይ የሚነካ መስመር የለም።

ለእርስዎ ግን ብድሩን መክፈል ያለ ስጋት 10 በመቶ እንደማግኘት ነው። አክሲዮን ከዚያ በላይ የሚጨምረው 2 ብቻ ሲሆን መዋዠቁ 20 ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ብድሩን እከፍላለሁ።

ሳሙኤል፦ 12 በመቶውን ከየት አመጣኸው? 10 ቢሆንስ?

ነፃው ወለድ 4 እንደሆነ 33/67 ይሆናል። ይህ ያስጨንቀኛል፤ 20 በመቶ የሚዋዥቅን አክሲዮን የ25 ዓመት ዳታ ይዘህ እንኳ የአማካዩ መደበኛ ስህተት 4 ነጥብ ነው። በ12 እና በ10 መካከል በዳታ መለየት አይቻልም።

ሳሙኤል፦ እንግዲያው እኩል 50/50 አድርጌ ብተወውስ?

በዚህ ምሳሌ ምንም አትከስርም ለማለት ይቻላል። ሬሾው 0.457 ነው፣ ከ0.459 ጋር አወዳድረው። ሬሾው ከፍተኛ በሚሆንበት ድርሻ አካባቢ ለውጡ ጠፍጣፋ ስለሆነ ድርሻው ብዙ ቢንሸራተት ሬሾው ብዙም አይነካም። ሁለቱ ንብረቶች በጣም ተመሳሳይ ሲሆኑ ግን ቀመሩ አንዱን አብዝቶ ግዛ፣ ሌላውን ተበድረህ ሽጥ፣ ማለትም አጭር ሽጥ፣ ይላል። ያኔ አጭር መሸጥን መከልከል ወይም ግምቶቹን ወደ አማካያቸው ማቅረብ ከሚሉት የቱ እንደሚሻል እኔና ብሩክ እስካሁን አልተስማማንም።

ብሩክ፦ አልተስማማንም። እኔ አጭር መሸጥን ብቻ እከለክላለሁ፤ ግምት መነካካት ሌላ ግምት መጨመር ነው።