ከሰርጉ በኋላ ብታይስ?

«ዶክተር፣ 58 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ወልድያ ነው። የሩቁን ያለ መነጽር አላይም፤ መነጽሬም ወፍራም ነው። ከአምስት ቀን ወዲህ ማታ ማታ ቀኝ ዓይኔ ላይ ብልጭ ይልብኛል። ትንኝ የመሰሉ ጥቋቁር ነገሮችም ይዞሩብኛል። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ከታች በኩል ጥላ ጋርዶኛል። ጤና ጣቢያ በባትሪ አይተው ‹ምንም የለውም› ብለው ጠብታ ሰጡኝ። አያመኝም። እሑድ ልጄን እድራለሁ፤ ከሰርጉ በኋላ ብታይስ?»

አይሆንም። ዛሬውኑ ወደ ደሴ ይሂዱ፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። መኪና ካጡ ነገ በማለዳ ይነሱ።

ዓይናችን ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ዝልግልግ ነገር አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይቀጥንና ከሬቲና ይላቀቃል። ሬቲና ከዓይን ጀርባ ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። ሲላቀቅ ይጎትተዋል፤ ብልጭታው ከዚያ ነው። ብዙ ሰው ላይ ነገሩ እዚያው ያበቃል። አንዳንዱ ላይ ግን ሬቲናው ይቀደዳል። የሩቁን የማያዩ ሰዎች ሬቲና የሳሳ ስለሆነ የበለጠ ይጋለጣሉ። በቀዳዳው ፈሳሽ ይገባና ሬቲናውን ከስሩ ይልጠዋል። ጥላው የመጣው የተላጠው ክፍል ማየት ስላቆመ ሊሆን ይችላል። ሬቲና ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ አለማመሙ አያዘናጋዎት።

እኔን ያስቸኮለኝ ጥላው ከታች መሆኑ ነው። ዓይን ውስጥ ምስል ተገልብጦ ስለሚያርፍ፣ የታች ጥላ የላይኛው ሬቲና መላጡን ይጠቁማል። ከላይ የገባ ፈሳሽ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሰዓታትም በቀናትም መሃሉን ሊደርስበት ይችላል። የምናነበውም የሰው ፊት የምንለየውም በመሃሉ ነው። አሁን ግራ ዓይንዎን ሸፍነው የሰው ፊት ይመልከቱ። ጥርት ብሎ ከታየዎት መሃሉ ገና አልተነካም ማለት ነው፤ ያኔ ከተሠራ እይታዎ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከደበዘዘም አይቅሩ፤ ዘግይቶም ቢሆን ይሠራል፣ ግን እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል።

በባትሪ ያዩዎት ሰዎች አልዋሹም፤ ከፊት ሲታይ ዓይኑ ጤነኛ ይመስላል። እርስዎ «ብሌኔን በጠብታ አስፍታችሁ ሬቲናዬን እስከ ዳር እዩልኝ» ይበሉ። ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ መኪና አይንዱ። ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ዙሪያውን በሌዘር ይዘጋል፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይገባሉ። ከተላጠ ግን ቀዶ ጥገና ነው፤ ለዚያ ምናልባት አዲስ አበባ ይልኩዎታል።

እዚያ ከሄዱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሬቲናውን ለመያዝ ዓይን ውስጥ ጋዝ ሊሞላ ይችላል። ጋዝ ከፍታ ላይ ይለጠጣል። የወሎ መንገድ ደግሞ በጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ አውሮፕላንም ያው ነው። የዓይን ግፊቱ ጨምሮ የዳነውን እይታ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ጋዙ እስኪጠፋ፣ ምናልባትም ለሳምንታት፣ የሚያርፉበት ዘመድ ከወዲሁ ይፈልጉ። ሐኪሙ «አሁን መሄድ ትችላለህ» ሳይል መኪና አይሳፈሩ።