«ተናደድኩ» ወይስ «ሆድ ባሰኝ»?

«ከኮምቦልቻ ነኝ። ለወንድሜ ልጅ ሽማግሌ ተልኮ እኔ አክስቷ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ሳምንት ሙሉ እንደተናደድኩ ነኝ፤ እንቅልፍ የለኝም፣ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ።»

እህቴ፣ ንዴት መሆኑን እርግጠኛ ነዎት? እስቲ ዛሬ ማታ ወንድምዎ ደውሎ «ረስቼሽ አይደለም፣ ነገሩ ድንገት ሆኖብን ነው» ይልዎታል እንበል። ስልኩን ሲዘጉ ቀለል ካለዎት፣ ወይ እንባዎ ከመጣ፣ ሆድ ብሶዎት ነበር። ጭራሽ ደምዎ ከፈላ ንዴት ነው። «እሺ» ብለው ዘግተው ለድግሱ ግን እጅዎ አልነሳ ካለ፣ ታዝበውታል። «ከእንግዲህ ለእነሱ እኔ ማን ነኝ?» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ ስጋት አለበት።

አራቱም «ከፋኝ» በሚል አንድ ጆንያ ይታሰራሉ፤ የሚፈልጉት ግን ለየቅል ነው። ንዴት መመለስ ይፈልጋል፣ ሆድ መባስ መጠየቅ ይፈልጋል፣ መታዘብ መራቅ ይፈልጋል፣ ስጋት ማረጋገጫ ይፈልጋል። ሆድ የባሰው ሰው እንደተናደደ ሰው ሲጮህ የፈለገውን አያገኝም። ልጆችዎ የሚሰሙት ጩኸት የወንድምዎ ድርሻ ነበር።

ከደብዳቤዎ እንደምገምተው ሆድ ብሶዎታል። ስለዚህ ወንድምዎን «ንቀኸኛል» ብለው አይጀምሩ። ይህ የስሜት ስም ሳይሆን ክስ ነው፤ እሱም «መቼ ናቅኩሽ!» ብሎ ይከራከራል። «ከጎረቤት ስሰማ ሆድ ባሰኝ» ቢሉት ግን በምን ይከራከራል? ሆዱ የእርስዎ ነው።

«ጋሼ፣ ደሴ የምማር ተማሪ ነኝ። ፈተና ሲደርስ ልቤ ይመታል፣ እጄ ያልበኛል። ስሜቱን በስሙ ጥራው ይሉኛል፤ ስሙን ስጠራው አይብስም?»

እንደሚብስ የምታስበው አንተ ብቻ አይደለህም፤ ሲሞከር ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ይታያል። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 (እ.ኤ.አ.) በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችን የተቆጡና የፈሩ ፊቶች እያሳዩ አንጎላቸውን በምስል አዩ። ሰዎቹ ለፊቱ ስሜት ቃል ሲመርጡ አሚግዳላ የሚባለው፣ አደጋ ሲታይ ቀድሞ የሚነቃው ክፍል ረገብ አለ፤ በግንባር በስተቀኝ ያለው፣ ስሜትን ለመግራት የሚረዳው ክፍል ደግሞ በረታ። ለዚያው ፊት ስሜቱን ትተው የሰው ስም ብቻ ሲመርጡለት ግን አሚግዳላው እንደዚያ አልረገበም። እንግዲህ የሚያረግበው ቃል መናገሩ ብቻ ሳይሆን ቃሉ የስሜቱ መሆኑ ነው።

በ2012 ደግሞ ሸረሪት በጣም የሚፈሩ 88 ሰዎች ሸረሪት እያዩ ተፈተኑ። ፍርሃታቸውን በቃል የተናገሩት፣ «ምንም አያደርገኝም» እያሉ ራሳቸውን ካጽናኑት ይልቅ፣ ከሳምንት በኋላ እጃቸው ያነሰ አላበው። ከመካከላቸውም የፍርሃትና የጭንቀት ቃላትን አብዝተው የተጠቀሙት የተሻለ ለውጥ አሳዩ።

አንተም «ደበረኝ»ን ተውና ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ጻፍ፦ «የፈራሁት ይህን ነው፤ ምክንያቱም…»። ከ«ምክንያቱም» በኋላ «አላነበብኩም» ከመጣ ጸጸት አለበት፤ መድኃኒቱ ማንበብ ነው። «አባቴ ምን ይላል» ከመጣ ግን ሀፍረትን መፍራት ነው፤ ያን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ብታነብም አይለቅህም። አንዴ ጽፈህ ተነስ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ «ለምን እኔ?» እያልክ ከተቀመጥክ ስም መስጠቱን ትተህ ማመንዠክ ጀምረሃል፤ ያኔ በእርግጥ ይብሳል።

«ከሐይቅ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ምን ሆነህ ስለው ‹ምንም፣ ደህና ነኝ› ብቻ ነው መልሱ። እንዴት ላናግረው?»

ምናልባት መደበቁ ሳይሆን ቃሉ ጠፍቶት ይሆናል። «ምን ተሰማህ?» ለእንዲህ ያለ ሰው ከባድ ፈተና ነው። ሁለት ቃል አቅርበሽ ምረጥ በይው፦ «ሰለቸህ ወይስ ሰጋህ?» ሁለቱም ባይሆኑ እንኳ «አይ፣ ቁጭት ነው» ብሎ ማረሙ ይቀለዋል። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ጠይቂው፤ ከሥራ እንደገባ በር ላይ አይሁን።

«ከወልድያ። ሐዘኔን በስሙ ጠራሁት፣ ጻፍኩት፣ ለሰውም ነገርኩ። ሁለት ወር አለፈኝ፤ ምግብም እንቅልፍም የለም።»

ወንድሜ፣ ስም መስጠት የጋለውን ያበርዳል እንጂ በሽታ አያድንም። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ እንዲህ ከሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደህ እንቅልፍና ምግብ እንደጠፋህ፣ ከመቼ ጀምሮም እንደሆነ ንገራቸው። መሞትን የሚያስብ ሐሳብ ካለብህ ደግሞ ዛሬውኑ ሂድ፤ ሰው አብሮህ ይሂድ።

«ከባቲ። ናፍቆትና ትዝታ አንድ አይደሉም?»

ለእኔ አይደሉም። የናፈቀኝ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ቢመጣ ናፍቆቱ ያልቃል። ትዝታ ግን ሰውየው ፊቴ ተቀምጦም ይመጣብኛል፤ የሚፈልገው ያን ጊዜውን ነዋ።